የፊተኛው ስም፦ የምንዛሪ ተመን እንዴት ይነበባል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከዚያ ወዲያ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። ዓርብ ዕለት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57.48 ብር ይገዛ የነበረው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰኞ ዋጋውን 74.73 ብር አደረሰው። ዜናው ሲሰራጭ ብዙ ዘገባዎች ብር በ30 በመቶ ወደቀ አሉ። ሒሳቡን ከብር በኩል የሠራ ሰው ግን የወደቀው በ23 በመቶ እንደሆነ ያገኛል። 30ም ሆነ 23 የተገኙት ከእነዚያው ከ57.48 እና ከ74.73 ነው፤ በመቀነስም ሆነ በማካፈል የተሳሳተ ሰው የለም። ልዩነቱን የፈጠረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዋጋው እየተነገረ ያለው የማን ነው?

ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው ማናቸውንም የምንዛሪ ተመን ማንበብ ይችላል። መመለስ የማይችል ደግሞ ዜና በሰማ ቁጥር ይደናገራል፤ ገንዘብ ሲልክና ሲቀበልም ከኪሱ ምን ያህል እንደወጣ አያውቅም። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ ማስረዳት የፈለግሁት።

ተመን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦

```
USD/ETB  74.73
```

ሦስት ሦስት ፊደል ያላቸው ሁለቱ ስሞች ዓለም አቀፍ መለያዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት አገሩን፣ ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡን ያመለክታሉ። ET ኢትዮጵያ፣ B ብር፤ US አሜሪካ፣ D ዶላር ማለት ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ GBP፣ የሳዑዲ ሪያል SAR፣ የጃፓን የን JPY ተብለው የሚጻፉትም በዚሁ ደንብ ነው። የብዙ አገሮች የጋራ ገንዘብ የሆነው ዩሮ ግን ከደንቡ ወጣ ብሎ EUR ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ገበያ ወጥተን የጤፍ ዋጋ ስንጠይቅ ‹ኪሎው ስንት ነው?› እንላለን። ነጋዴው የሚመልስልን በብር ነው። እዚህ ላይ ጤፉ ዋጋው የሚነገርለት ነገር ነው፤ ብሩ ደግሞ ዋጋው የሚነገርበት። ኪሎው አንድ እንደሆነ ይቆያል፤ ከፍና ዝቅ የሚለው የብሩ ቁጥር ነው። የምንዛሪ ተመንም አሠራሩ ይኸው ነው። በ USD/ETB ላይ ዶላሩ በጤፉ ቦታ ቆሟል፤ ምንጊዜም አንድ ዶላር ነው። ብሩ ደግሞ በቦታው፣ በገንዘብነቱ ቆሟል። ስለዚህ ተመኑ ‹አንድ ዶላር 74.73 ብር ያወጣል› ተብሎ ይነበባል።

ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎች ፊት የሚጻፈውን ‹ቤዝ›፣ ኋላ የሚጻፈውን ‹ኮት› ይሏቸዋል። እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊተኛውን ተተማኝ፣ የኋለኛውን መተመኛ እላቸዋለሁ። ደንቡ አጭር ነው፦ ተተማኙ አንድ ነው፤ ቁጥሩ የመተመኛው ነው።

ብዙ የተማሩ ሰዎችን ሳይቀር የሚያሳስተው በሁለቱ መለያዎች መካከል ያለችው ያዘመመች መስመር ናት። ትምህርት ቤት ‹ኪ.ሜ/ሰዓት› የሚለውን ያነበብነው ‹በአንድ ሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር› ብለን ነው። ቁጥሩ የፊተኛው ነበር፤ አንድ የሚሆነው የኋለኛው። በዚያ ልማድ USD/ETB 74.73 የሚለውን ብናነበው ‹ለአንድ ብር 74.73 ዶላር› ይሆንብናል፤ ይህ ደግሞ በጭራሽ ሊሆን አይችልም። በምንዛሪ ተመን ላይ ያቺ መስመር የማካፈያ ምልክት አይደለችም፤ ሁለቱን ስሞች ለመለየት ብቻ የተሰመረች ናት። አንዳንድ ገጾችም ጭራሽ ትተዋት USDETB ብለው አንድ ላይ ይጽፉታል። ትርጉሙ አይለወጥም። የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ከዚህ ተከትሎ የሚመጣው፣ ቁጥሩ ሲጨምር የጠነከረው ተተማኙ፣ የደከመው ደግሞ መተመኛው መሆኑ ነው። የ USD/ETB ሥዕላዊ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ እየወጣ ያለው ዶላር ነው፤ ብር እየወረደ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ደግ ነገር ይመስላልና ለብር መልካም ዜና አድርጎ የሚያነበው ሰው ጥቂት አይደለም። የዚያኑ ቀን፣ የዚያኑ ገበያ፣ የዚያኑ ዋጋ መስመር ETB/USD ተብሎ ቢሣል ቁልቁል ሲወርድ ይታይ ነበር።

ወደ 30 እና 23 እንመለስ። በ57.48 እና በ74.73 መካከል ያለው ልዩነት 17.25 ብር ነው። የዶላር ዋጋ በስንት በመቶ ጨመረ ብለን ከጠየቅን መነሻው የዶላር የቀድሞ ዋጋ፣ ማለትም 57.48 ነው። 17.25ን ለ57.48 ስናካፍል 30 በመቶ ይወጣል። እዚህ ድረስ ክርክር የለም፤ ዶላር በብር ሲተመን በ30 በመቶ ተወደደ።

የብር ዋጋ በስንት በመቶ ቀነሰ ብለን ስንጠይቅ ግን ብርን ተተማኝ ማድረግ አለብን። ዓርብ አንድ ብር 1 ሲካፈል ለ57.48፣ ማለትም 0.01740 ዶላር ያወጣ ነበር። ሰኞ 1 ሲካፈል ለ74.73፣ ማለትም 0.01338 ዶላር ሆነ። ከ0.01740 ወደ 0.01338 መውረድ 23 በመቶ መቀነስ ነው። በእነዚህ ትናንሽ ቁጥሮች መጨነቅ የማይፈልግ ሰው አቋራጭ አለው፦ ያንኑ የ17.25 ልዩነት ለአሮጌው ቁጥር ሳይሆን ለአዲሱ፣ ለ74.73 ያካፍል። 23 በመቶ ያገኛል። የተተማኙን ለውጥ ለማወቅ ለአሮጌው ማካፈል፣ የመተመኛውን ለማወቅ ለአዲሱ ማካፈል ነው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጽ አላጠፋበትም ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ግን በተለያዩ ሰዎች ኪስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ እናስብ። ለጊዜው የመግዣና የመሸጫን ልዩነት እንተወውና፣ ዓርብ ዕቃው 574,800 ብር ነበረ፤ ሰኞ 747,300 ብር ሆነበት። ጭማሪው 30 በመቶ ነው። ለእሱ ትክክለኛው ቁጥር ይህ ነው፤ ዋጋው በዶላር የተቆረጠ ዕቃ በብር የሚገዛ ሰው ነውና።

100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠች እናት ግን ሌላ ቦታ ላይ ናት። ገንዘቧ በዶላር ሲለካ ዓርብ 1,740 ዶላር ግድም ነበር፤ ሰኞ 1,338 ሆነ። የቀነሰው 23 በመቶ ነው። ‹ብርሽ 30 በመቶ ወደቀ› የሚላት ሰው ከደረሰባት የበለጠ እየነገራት ነው።

አሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ለወንድሙ የቤት ሥራ 500,000 ብር ቃል ገብቶ ነበር እንበል። በዓርቡ ተመን 8,699 ዶላር ግድም ይጠበቅበት ነበር፤ በሰኞው 6,691 ይበቃዋል። ያተረፈው 23 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ግዴታው በብር ነው። ያው ሰው በየወሩ ለእናቱ 200 ዶላር የሚልክ ከሆነ ግን እናቱ የምትቀበለው ብር ከ11,496 ወደ 14,946 አድጓል፤ ይህ ደግሞ 30 በመቶ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ስለዚህ በምንዛሪ ዜና ላይ በመቶኛ ሲነገረን መጀመሪያ ማየት ያለብን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ነው። ‹ዶላር ጨመረ› ከተባለና ‹ብር ወደቀ› ከተባለ በኋላ የሚመጣው ቁጥር አንድ ሊሆን አይችልም።

ለውጡ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም። ዶላር በ1 በመቶ ቢጨምር ብር የሚቀንሰው በ0.99 በመቶ ነው፤ ለዕለት ከዕለት ንግድ ማንም አይጨነቅበትም። ለውጡ እየከበደ ሲሄድ ግን ሁለቱ ቁጥሮች እየተራራቁ ይሄዳሉ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለረጅም ዘመን አንድ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር የነበረው ተመን 5 ብር ሆነ። ልዩነቱን 2.93ን ለ2.07 ብናካፍል 141 በመቶ ከምናምን ይወጣል። ዶላር በ141 በመቶ ተወደደ ማለት ትክክል ነው። ‹ብር በ141 በመቶ ወደቀ› ማለት ግን ስሕተቱ በራሱ የሚናገር ነው፤ ምንም ነገር ከመቶ በመቶ በላይ ሊወድቅ አይችልም። መቶ በመቶ የወደቀ ገንዘብ ዋጋው ባዶ ሆኗል፤ ከዚያ በታች የሚሄድበት የለም። ብር በዚያን ጊዜ የወደቀው፣ 2.93 ለ5 ሲካፈል፣ በ58.6 በመቶ ነበር። አንድ ገንዘብ ከመቶ በላይ ወደቀ የሚል ዘገባ ካጋጠመን ጸሐፊው ተተማኙንና መተመኛውን እንዳምታታ ያለ ጥርጥር እናውቃለን።

ችግሩ ይበልጥ የሚረቀው የተለያዩ አገሮችን ስናነጻጽር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1949 እንግሊዝ የፓውንድን ዋጋ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር አወረደች። የታሪክ መጻሕፍት ፓውንድ በ30 በመቶ ወደቀ ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። በፓውንድና በዶላር ጥንድ ውስጥ ፊት የሚጻፈው ፓውንድ ነው፤ GBP/USD። ተተማኙ ራሱ ስለወደቀ ለአሮጌው ቁጥር ማካፈል በቂ ነው። አሁን አንድ ሰው ‹ፓውንድ በ1949 የወደቀውን ያህል ብር በ2024 ወደቀ፤ ሁለቱም 30 በመቶ ናቸው› ቢል የሚያሳምን ይመስላል። አይደለም። የፓውንዱ 30 የፓውንድ ውድቀት ነው፤ የብሩ 30 ግን የዶላር መወደድ ነው። በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ፓውንድ 30 በመቶ ከግማሽ ገደማ፣ ብር 23 በመቶ ነው የወደቁት። በዚያው በፓውንዱ ጊዜ ዶላር የተወደደው ደግሞ በ44 በመቶ ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ‹ታዲያ ፓውንድ ለምን ፊት ይጻፋል፣ ብርስ ለምን ኋላ?› ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የተፈጥሮ ሕግ የለበትም፤ ልማድ ነው። ፓውንድ በዘመኑ የዓለም ንግድ ዋና ገንዘብ ነበር። በዚያ ላይ እስከ 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ በ20 ሽልንግ፣ አንዱ ሽልንግ ደግሞ በ12 ፔንስ የሚከፈል ነበርና፣ ሌላውን ገንዘብ በፓውንድ መተመን አስቸጋሪ ሒሳብ ነበር። ‹አንድ ፓውንድ ይህን ያህል ዶላር› ማለት ይቀል ነበር። እንግሊዝ ኃይሏ ቢቀንስም፣ ሽልንጉም ቢቀር፣ ልማዱ ቆየ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዶላሮችም ያንኑ መንገድ ይዘው ከአሜሪካ ዶላር ፊት ይጻፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩሮ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም ፊት እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከፓውንድም ጭምር። ከእነዚህ በቀር ከሞላ ጎደል የዓለም ገንዘብ ሁሉ ከአሜሪካ ዶላር ኋላ ይጻፋል፤ የጃፓን የንም፣ የስዊዝ ፍራንክም፣ ብርም።

ስለዚህ ፊት መጻፍ የጥንካሬ ምልክት አይደለም። የአውስትራሊያ ዶላር ከአሜሪካው ዶላር ያነሰ ዋጋ እያለውም ፊት ይጻፋል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ የሚያወጣው የምንዛሪ ሰንጠረዥ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አብዛኛው ረድፍ ለአንድ ዶላር ስንት የውጭ ገንዘብ እንደሚገኝ ያሳያል። ዩሮ፣ ፓውንድ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዶላሮች ግን አጠገባቸው ኮከብ ተደርጎ ተገልብጠው ይጻፋሉ፤ ለአንዱ ስንት የአሜሪካ ዶላር እንደሚከፈል። ኮከቡን ሳያይ ቁጥሮቹን ቁልቁል የሚያወዳድር ሰው ዩሮ ሲጠነክር የን ሲደክም ሁለቱም ቁጥሮች በአንድነት ሲያድጉ አይቶ ይደናገራል።

የእኛ ባንኮች ሰንጠረዥ ይህ ጣጣ የለበትም። እዚያ ሁሉም ረድፍ የሚጀምረው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ዶላር፣ ፓውንድ፣ ዩሮ፣ ድርሃም። መተመኛው ሁልጊዜ ብር ስለሆነ ጭራሽ አይጻፍም። ነገር ግን በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ለአንዱ ገንዘብ ሁለት ቁጥር፤ መግዣና መሸጫ።

ማን ነው የሚገዛው፣ ምንስ ነው የሚገዛው? መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ የሚገዛው ባንኩ ነው፤ የሚገዛውም ተተማኙን ነው። ‹መግዣ 74.73› ማለት ባንኩ ከእርስዎ አንድ ዶላር ሲገዛ 74.73 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ‹መሸጫ 76.23› ቢል ደግሞ አንድ ዶላር ሲሸጥልዎ 76.23 ብር ይቀበልዎታል። ዶላር ይዞ የመጣ ሰው ‹እኔ ብር ልገዛ ነው› ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ዞሮ ዞሮ እውነቱን ነው። ሰንጠረዡ የሚናገረው ግን ስለ ዶላር ነውና ለእሱ የሚሠራው ‹መግዣ› የሚለው ነው። ከተጠራጠሩ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ለእርስዎ የሚብስብዎት የእርስዎ ነው። ልዩነቱ የባንኩ ትርፍ ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ለባንኩ እንጂ ለደንበኛው አያደላም። በእነዚህ ተመኖች 1,000 ዶላር መንዝሮ 74,730 ብር የያዘ ሰው ወዲያው ተመልሶ ዶላር ልግዛ ቢል የሚያገኘው 980 ዶላር ገደማ ነው። ሃያዋ ዶላር የመመላለሻው ዋጋ ናት።

ተመን ሲገለበጥ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቦታ እንደሚለዋወጡም ማወቅ ያስፈልጋል። ብርን ተተማኝ አድርገን ETB/USD ብንጽፍ፣ ባንኩ ብር የሚገዛው ዶላር በሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ማለትም 1 ለ76.23፣ 0.01312 ዶላር። ብር የሚሸጠው ደግሞ በ1 ለ74.73፣ 0.01338 ዶላር ነው። የቀድሞው መሸጫ መግዣ ሆነ፤ መግዣውም መሸጫ። ሲገለብጡ መግዣውን እንደ መግዣ የተዉት እንደሆነ ከባንኩ የተረፈ ትርፍ ያገኙ ይመስልዎታል፤ እንዲህ ያለ ትርፍ ካዩ ሒሳብዎ ተገልብጧል።

ሌላው የተገለበጠ ተመን ጣጣ የነጥብ ቤት ነው። ስልክ ላይ ብር ፊት ሆኖ ሲጻፍ አንዳንዱ መተግበሪያ 0.013 ብሎ ያቆማል። ይህን መልሶ የገለበጠ ሰው 1 ለ0.013፣ ማለትም 76.92 ብር ያገኛል። እውነተኛው ግን 74.73 ነበር። በ1,000 ዶላር ላይ የሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብር ገደማ የሌለ ገንዘብ ተፈጠረ፤ የተፈጠረውም የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ስለተቆረጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር በሚታይበት አቅጣጫ የተጻፈውን ተመን ይፈልጉ። ከሌለ ቢያንስ ከዜሮዎቹ በኋላ አራት አሐዝ ያለው ይሁን።

እስካሁን ያነሣነው ሁለት ገንዘብ ብቻ ያለበትን ነው። ከሳዑዲ ወይም ከእንግሊዝ ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችን ግን ሦስተኛ ገንዘብ መሃል ይገባባቸዋል። ሪያልም ፓውንድም ከብር ጋር የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በዶላር በኩል ነው። የፊተኛውን ስም ማየት የለመደ ሰው ይህንንም ያለ ችግር ያሰላዋል።

ፓውንድን እንይ። GBP/USD 1.28 ነው እንበል፤ አንድ ፓውንድ 1.28 ዶላር ያወጣል። USD/ETB ደግሞ 74.73። ዶላር በመጀመሪያው ኋላ፣ በሁለተኛው ፊት ነው፤ አንዱ ያቆመበት ላይ ሌላው ይቀጥላል። እንዲህ ሲገጣጠሙ ይባዛሉ፤ 1.28 ሲባዛ በ74.73፣ 95.65 ብር። የአንድ ፓውንድ ዋጋ ይህ ነው። ሪያል ግን ከዶላር ኋላ ነው የሚጻፈው። USD/SAR ከ1986 ጀምሮ 3.75 ላይ የተቸነከረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል። እዚህ ላይ ዶላር በሁለቱም ጥንዶች ፊት ነው። አንዱ ዶላር በአንድ በኩል 3.75 ሪያል፣ በሌላ በኩል 74.73 ብር ስለሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የአንዱን ሪያል ዋጋ ለማግኘት 74.73ን ለ3.75 ማካፈል ነው። 19.93 ብር ይወጣል።

ማባዛትና ማካፈሉን የቀላቀለ ሰው እንዴት ያውቃል? መልሱን ከዶላሩ ጋር ያስተያየው። ፓውንድ ከዶላር የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ በብር ከ74.73 መብለጥ አለበት። አባዝቶ ማግኘት ሲገባው አካፍሎ 58.38 ያገኘ ሰው ፓውንድን ከዶላር አሳንሷል። ሪያል ከዶላር ያንሳል፤ ስለዚህ መልሱ ከ74.73 ማነስ አለበት። አባዝቶ 280 ብር ያገኘ ሰው እንዲሁ ተሳስቷል።

አሁን ጅዳ የምትሠራ እኅት 2,000 ሪያል ወደ ቤቷ ልትልክ ነው እንበል። በዓርቡ ተመን ቤተሰቧ የሚያገኘው 30,656 ብር ነበር፤ በሰኞው 39,856 ይሆናል። ሪያል ከዶላር ጋር የታሠረ ስለሆነ፣ ሪያድ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ፣ ሪያል በብር ሲተመን እንደ ዶላሩ በ30 በመቶ ተወደደ። ከላኪ ድርጅቶች አንዱ ‹አገልግሎት ክፍያ የለንም› ብሎ ሪያሉን በ19.20 ብር ቢያቀርብላት ቤተሰቧ የሚደርሰው 38,400 ብር ነው። ያልተጠየቀችው ክፍያ 1,456 ብር ሆኖ በተመኑ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ለማየት የሚያስፈልጋት የዕለቱ የባንክ የዶላር መግዣና 3.75 ብቻ ናቸው። ተመኑ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ብዙ ርቆ ሄዷልና በ74.73 ፈንታ የዕለቱን ቁጥር ትተካለች፤ ለ3.75 ታካፍላለች፤ የተባለችውንም ተመን ከዚያ ጋር ታስተያያለች።